ፊደልን በስልክ ለልጅሽ ማስተማር፦ ለአንድ ቤተሰብ አንድ ምስል

እህቴ፣ ልጅሽ አገር ቤት ከአያቱ ጋር ካለ፣ በጣት እየተገፉ የሚታዩ የፊደል ምስሎችን ራስሽ አዘጋጅተሽ በዋትሳፕ ወይም በኢሞ መላክ ትችያለሽ። ወረቀት፣ ወፍራም ማርከርና የስልክሽ ካሜራ ይበቃል።

በ«በ» እንጀምር። ከላይ በትልቁ «በ» ጻፊ። አጠገቡ በግ ሳይና «በግ» ብለሽ ጻፊ፣ «በ»ን ብቻ በቀይ አድርጊው። ከታች ሰባቱን በአንድ መስመር ደርድሪ፦ በ ቡ ቢ ባ ቤ ብ ቦ። ፎቶ አንስተሽ ላኪና በድምፅ መልእክት እያንዳንዱን ቀስ ብለሽ አንብቢ።

ልጁ የሚያስተውለው ለውጡን ነው። «ቡ» በቀኝ ጎኑ መሃል ጭረት አለው፣ «ቢ» ጭረቱ ከቀኝ እግሩ ሥር ነው፣ «ባ» የግራ እግሩ ያጥራል፣ «ቤ» ከቀኝ እግሩ ሥር ቀለበት አለው። «ለ» እና «ሰ» ላይም እነዚህ አራቱ እንደዚሁ ናቸው፤ ስለዚህ ቀጣዮቹ ምስሎች ይቀሉታል። ስድስተኛውና ሰባተኛው ግን ከቤተሰብ ቤተሰብ ስለሚለያዩ እያሳየሽ ማስጠናት አለብሽ። «ረ» እና «ፈ» ከሌሎቹ ወጣ ስለሚሉ ወደ መጨረሻ ይቆዩ።

ብዙ ጊዜ ስህተት የሚገባው ምሳሌ ቃሉ ላይ ነው። ለ«ለ» ላም ብትስዪ ቃሉ የሚጀምረው በ«ላ» ስለሆነ ልጁ ይምታታበታል፤ ለውዝ ይሻላል። ለ«ደ» ድመት ሳይሆን ደመና፣ ለ«መ» መኪና፣ ለ«ወ» ወፍ፣ ለ«ተ» ተራራ አድርጊ። ቃሉ በመጀመሪያው ፊደል የሚጀምር፣ ልጁም የሚያውቀው ነገር ይሁን።

በ«ሀ» ለምን አልጀመርንም? «ሀ» እና «ሃ» ሲነበቡ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ልጁ የመጀመሪያውንና የአራተኛውን ልዩነት በጆሮው አይሰማም። «አ»ም እንደዚያው ነው። «ሐ»ና «ኀ»፣ «ሠ»፣ «ዐ»ና «ፀ»ም ድምፃቸው ከሌሎች ጋር ስለሚገጥም ሌላው ከተያዘ በኋላ ይምጡ። «ሸ»ን ግን «ሰ»ን እንዳወቀ ወዲያው ላኪለት፤ ራሱ «ሰ» ሆኖ ከላይ ጭረት ተጨምሮበት ነው። «ቸ» ከ«ተ»፣ «ኘ» ከ«ነ»፣ «ጀ» ከ«ደ» የወጡትም እንደዚሁ ነው።

መያዙን እንዴት ታውቂያለሽ? በተርታ «በ ቡ ቢ» ማለቱ ብቻ አይበቃም፣ እንደ ዘፈን ሸምድዶት ሊሆን ይችላል። በቪዲዮ ስትደውዪ ሥዕሉን በእጅሽ ሸፍነሽ «ቤ የቱ ነው?» በዪው፣ ቀጥለሽ ወደ ኋላ ተመልሰሽ «ቢ»ን ጠይቂው። «ቡ»ን አሳይተሽው «በግ» ካለሽ የያዘው ሥዕሉን እንጂ ፊደሉን አይደለም፤ ያንኑ ምስል ድገሚለት። ሰባቱን እያቀላቀልሽ ስትጠይቂው ከመለሰ ቀጣዩን ላኪ።