ከሐብሉ ሥር የተንጠለጠለችው

አክስቴ ናይሮቢ፣ ላቪንግተን ነው የምትኖረው። ባለፈው ልጠይቃት ስሄድ ቡናው እስኪፈላ እንኳ አልጠበቀችም። ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ «እስቲ እይልኝ፣ ይሄ ነገር ኪንታሮት አይደለም?» አለችኝ። የቆዳ ሐኪም ዘመድ መሆን እንዲህ ነው። ከሐብሏ ሥር ከስንዴ ፍሬ ያነሱ አራት ሥጋዎች ተንጠልጥለዋል።

ኪንታሮት አይደሉም። ኪንታሮት ቫይረስ የሚያመጣው፣ ላዩ ሻካራና የሚተላለፍ ነው። ይሄኛው ግን ለስላሳ ነው፤ በጣት ሲነኩት ይወዛወዛል፣ ወደ ሌላ ሰውም አይጋባም። ቆዳ በሚፋተግበት ቦታ፣ አንገት፣ ብብትና ብሽሽት ላይ ይወጣል፤ ሰው ሲወፍር ወይም ሴት ስታረግዝ ይበዛል። በርከት ብሎ ሲታይ አንዳንዴ ስኳር ከበስተጀርባው ስለሚኖር፣ ለአክስቴ ያዘዝኩላት ማስቆረጥ ሳይሆን የስኳር ምርመራ ነበር።

ሆዷ ላይ ደግሞ የክብሪት ራስ የምታህል ቀይ ነጠብጣብ አለች። ጥቃቅን የደም ሥሮች ተሰብስበው የሠሯት ናት። ከ30 ዓመት በኋላ እየበዙ የሚመጡ ናቸው፤ በጠይም ቆዳ ላይ ወደ ሐምራዊና ጥቁር ስለሚያደሉ ሰውን ያስደነግጣሉ። ሲቧጨሩ ይደማሉ እንጂ ሌላ ጉዳት የላቸውም፤ በንጹሕ ጨርቅ 10 ደቂቃ ያህል ጫን አድርጎ መያዝ ይበቃል።

ጉንጮቿ ላይ የተበተኑት ጥቁር ቅንጣቶች የእኛው ቆዳ ልዩ ምልክት ናቸው ማለት ይቻላል። ጣሊያናዊው ሐኪም አልዶ ካስቴላኒ በ1925 እ.ኤ.አ. ጽፎባቸዋል፤ ጥቁር ሰዎች ላይ በብዛት ይታያሉ፣ በዘርም ይወረሳሉ። የአክስቴ እናትም ነበሯት።

ታዲያ ለምን አይነሱም? ይነሳሉ፤ ችግሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የአክስቴ ጎረቤት አንድ የውበት ሳሎን ገብታ የፊቷን ቅንጣቶች በኤሌክትሪክ አስተኮሰች። ቅንጣቶቹ ጠፉ፤ በቦታቸው ግን ነጫጭ ነጠብጣቦች ቀሩ። ሙቀቱ ጠልቆ ሲገባ ለቆዳ ቀለም የሚሰጡትን ሕዋሳት ይገድላል፣ ጠይም ፊት ላይ ደግሞ ነጩ ከጥቁሩ ይበልጥ ዓይን ይስባል። ጠባሳው የሚያብጥበት ሰውም አለ። በክር ወይም በፈረስ ጭራ አስሮ መቁረጥም ቁስል ያመረቅዛል። ሐብሉ እየያዘ የሚያደማት አንዲት ሥጋ ብትኖር ሐኪም በማደንዘዣ በደቂቃ ይቆርጣታል፤ ሌሎቹን ብንተዋቸው ይሻላል።

እኔን የሚያስፈራኝ ቦታ ሌላ ነው፤ ማንም የማያየው የእግር መርገጫና የጥፍር ሥር። የጥቁር ሰው አደገኛ የቆዳ ካንሰር በአብዛኛው እዚያ ነው የሚደበቀው። በ1978 እ.ኤ.አ. ሻሸመኔ መጥቶ የነበረውን ቦብ ማርሌን ከሦስት ዓመት በኋላ የገደለው ከእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር የጀመረ ካንሰር ነው። በወራት ውስጥ የሚሰፋ ጥቁር ነጥብ፣ ጥፍር ላይ አዲስ የወጣ ጥቁር መስመር፣ ሳይነኩት የሚደማ ወይም አልድን ያለ ቁስል ካለ ቀጠሮ አያስፈልገውም፣ ቶሎ መታየት ነው።

አክስቴ ይህን ስትሰማ ጫማዋን አወለቀች። ተረከዟ ተሰንጥቋል። ቫዝሊን ተቀቢ አልኳት።