የሽምብራ ዓሣ በስንት ፊደል ይፈለጋል?

ሁዳዴ ሊገባ ሲል አንዲት የሙያ ሰው የሽምብራ ዓሣ አሠራር ቀርጻ ዩቲዩብ ላይ ለጠፈች እንበል። የሽምብራውን ዱቄት ስትለውስ፣ በዓሣ ቅርፅ ስትቆርጥ፣ በዘይት ጠብሳ ቁሌቱ ውስጥ ስትጨምር ሁሉም በደንብ ይታያል። አርእስቱም የቆሎ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው የማይነቅፈው ነው፦ «የሽምብራ ዓሣ አሠራር»። ችግሩ፣ ይህንኑ ምግብ ለመሥራት አስባ ስልኳን ያነሳችው ሌላዋ ሴት «የሽምብራ አሳ አሰራር» ብላ መጻፏ ነው። ሁለቱን ጮክ ብሎ ላነበበ ሰው ምንም ልዩነት የላቸውም። ፊደል ለፊደል ለሚያመሳክር መፈለጊያ ግን ከሦስቱ ቃላት ሁለቱ ሌላ ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከግእዝ ነው። በግእዝ ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ በየራሳቸው ቦታ የሚገቡ ፊደላት ናቸው፤ አንዱ በሌላው ሲተካ ትርጉም ይፋለሳል። «ሠረቀ» ወጣ፣ በራ ሲሆን «ሰረቀ» የሌባ ሥራ ነው። አማርኛ ፊደላቱን ሲወርስ የድምፁን ልዩነት አልወረሰም። ስለዚህ አስተማሪዎች በስም ይለዩአቸዋል፦ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ፣ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ፣ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። በዚህ ላይ አማርኛ የሚለየው ሌላ ጣጣ አለ፤ በእነ ሀና በእነ አ ዘንድ ግእዙና ራብዑም አንድ ድምፅ ሆነዋል። ሀና ሃ፣ አና ኣ፣ ዐና ዓ ሲነገሩ አይለዩም። በጽሑፍ ግን «ሀገር»ም «ሃገር»ም በየጋዜጣው እናያለን።

ኮምፒዩተር ይህን ዝምድና አያውቅም። የግእዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ ዩኒኮድ ሲገባ ለእያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር ተሰጠው፤ ሠ U+1220፣ ሰ ደግሞ U+1230 ሆነ። ለማሽኑ ሠና ሰ እንደ ሠና መ ያህል የተለያዩ ናቸው። ትልልቆቹ መፈለጊያዎች ከብዙ ሰው አፈላለግ ተምረው አንዳንዴ ተቀራራቢውን አጻጻፍ ያቀርባሉ፤ በዚያ መተማመን ግን አይቻልም። የአንድ ትንሽ ሱቅ ድረ ገጽ፣ የቴሌግራም ሃሽታግ፣ የቢሮ ፋይል መፈለጊያ ከሆነ ጭራሽ ተስፋ የለውም።

ፈላጊው የትኛውን ፊደል እንደሚጽፍ መገመት ግን አይከብድም፤ የሚወስነው በአመዛኙ ኪቦርዱ ነው። በላቲን ድምፅ በሚጻፍባቸው ኪቦርዶች s ሲነካ የሚወጣው እሳቱ ሰ ነው፤ ንጉሡን ለማምጣት ተጨማሪ ንክኪ ይጠይቃል። ለ h እና ለ a ምላሹም ያው ሀና አ ነው። ስለዚህ ቸኩሎ የሚጽፍ ሰው «አሳ»፣ «አሰራር»፣ «ሀይል» ይጽፋል። ጸና ፀ ላይ ግን ነገሩ ይደበላለቃል፤ «ጾም» የሚለውም «ፆም» የሚለውም ብዙ ነው። ለእኔ እንደሚመስለኝ ብዙ ሰው የሚያስቀድመው መጀመሪያ ዓይኑ የለመደውን ነው እንጂ ሰዋስው አስቦ አይደለም።

አሁን ወደ ምግቡ እንመለስና እንቁጠር። «ዓሣ» በሚለው ቃል የመጀመሪያው ፊደል አ፣ ኣ፣ ዐ ወይም ዓ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ሣ ወይም ሳ። ይህ ብቻ 8 አጻጻፍ ነው። «አሠራር» በሁለት ይጻፋል፤ 16 ሆነ። ሽምብራን «ሽንብራ» የሚልም አለ፤ 32። «የጾም ምግብ» የሚል ብንጨምርበት ጾም በሁለት ይጻፋልና 64 ደረሰ። አንዳንድ ለጣፊ ይህን ሲያይ ሁሉንም መግለጫው ውስጥ ይደረድራል፤ ሠላሳና አርባ መስመር የሚያህል የቃል ክምር ከቪዲዮው ሥር ይዘረጋል። ይህ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። አንባቢ ያባርራል፤ በዚያ ላይ ዩቲዩብ መግለጫ ውስጥ ታግ ማብዛትን እንደ አይፈለጌ መልእክት ስለሚቆጥረው ቪዲዮውን እስከማስወገድ ሊያደርስ ይችላል።

የሚያዋጣው ሐረጉን ትቶ ቃሉን መሸፈን ነው። መፈለጊያዎች ጽሑፍን በቃል በቃል ከፋፍለው ስለሚያመሳክሩ 64ቱን ሐረግ መጻፍ አያስፈልግም፤ እያንዳንዱ የሚጻፍ ቃል አንድ ጊዜ ቢገኝ ይበቃል። ደግሞም ከስምንቱ «ዓሣ» ውስጥ ሰው በእርግጥ የሚጽፋቸው ሦስት ያህል ናቸው፦ ዓሣ፣ አሳ፣ ዓሳ። «ኣሣ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ካለ ዕድሉን ይሞክር።

ሥራው ሲከፋፈል እንዲህ ይሆናል። አርእስቱ ባለቤቷ የምታምንበትን አንድ አጻጻፍ ብቻ ይያዝ፤ በአንድ አርእስት ውስጥ «ዓሣ (አሳ)» እያሉ መቀላቀል ያስቀይማል፣ ከ100 የማይበልጠውን የአርእስት ሆሄም ይበላል። የመግለጫው የመጀመሪያ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ደህና አማርኛ ይሁኑ፦ «የሽምብራ ዓሣ በዐቢይ ጾም የሚዘጋጅ ምግብ ነው። ዱቄቱ እንዴት እንደሚለወስና ሲጠበስ እንዳይፈርስ ምን እንደሚደረግ እናሳያለን።» ከዚያ አንድ መስመር፣ ሳይደበቅ፦ «በሌላ አጻጻፍ፦ የሽምብራ አሳ አሰራር፣ የሽንብራ ዓሳ፣ የአብይ ፆም ምግብ።» ይህ መስመር ለአንባቢም ግልጽ ነው፤ ማታለል የለበትም፤ የሚጎድሉትን ቃላትም ያስገባል።

የቀረው ታግ ውስጥ ይገባል። ዩቲዩብ ለታግ በጠቅላላው 500 ሆሄ ይፈቅዳል፤ ለእኛ ከበቂ በላይ ነው። ኩባንያው ራሱ ታግ ቪዲዮ በመገኘቱ ላይ ያለው ድርሻ ትንሽ እንደሆነ፣ ይልቁንም ብዙ ጊዜ ተሳስቶ ለሚጻፍ ቃል እንደሚጠቅም ይናገራል። የእኛ ጉዳይ ስሕተት ባይሆንም ቦታው ይኸው ነው። «የሽምብራ አሳ»፣ «የሽምብራ ዓሳ አሰራር»፣ «የፆም ምግብ አሰራር»፣ «የጾም ምግብ አሠራር»፣ «የሁዳዴ ምግብ» ቢገቡ ዋናው ተሸፈነ። አንድ ትንሽ ወጥመድ አለች፦ በዚያ ሳጥን ታግን ከታግ የሚለየው የላቲኑ ኮማ (,) ነው። በእኛ ነጠላ ሰረዝ እየለዩ ከጻፉ ሁሉም ተጣብቆ አንድ ረጅም ታግ ሆኖ ይቀራል። እያንዳንዱ ታግ የራሱን ሳጥን ይዞ መታየቱን ሳያረጋግጡ አለማስቀመጥ ነው።

ሃሽታግ ግን ሌላ ሕግ አለው። #ጾም እና #ፆም ሁለት የተለያዩ መንደሮች ናቸው፤ አንዱን የነካ ሰው የሌላውን አያይም። ክፍት ቦታ ስለማይቀበልም ሐረጉ በሙሉ እንደ አንድ ቃል ይቆጠራል፣ በቃል የመሸፈኑ ብልሃት እዚህ አይሠራም። ስለዚህ አጭር ሃሽታግ መምረጥ፣ የሁለቱንም መንደር ስም መጻፍ፣ እዚያ ላይ መቆም ነው። ቅጥያውም ይቆጠራል፤ #የጾም_ምግብ ያለ #ጾም ላይ አይገኝም።

የትኛው አጻጻፍ በእርግጥ እንደሚፈለግ በግምት ብቻ መተው አያስፈልግም። ከአካውንት ወጥቶ በዩቲዩብ መፈለጊያ ሳጥን «የፆም ም…» ብሎ ቆም ማለት፣ ከሥር የሚዘረዘረውን ማየት፤ ከዚያ በ«ጾ» መድገም። ሳጥኑ የሚያቀርበው ሰዎች የጻፉትን ነው። ቪዲዮው ጥቂት ሳምንት ከቆየ በኋላ ደግሞ YouTube Studio ውስጥ ተመልካች ከየት እንደመጣ በሚያሳየው ክፍል፣ YouTube search በሚለው ሥር፣ ፈላጊዎች የጻፏቸው ቃላት እንዳሉ ተቀምጠው ይገኛሉ። «ሽምብራ አሳ» ዝርዝሩን ከመራ፣ ቀጣዩን አርእስት በዚያ አጻጻፍ ማድረግ እንዲታሰብ ይገፋፋል። እኔ ለምግብና ለልብስ አደርገዋለሁ፤ ለታሪክና ለሃይማኖት ጽሑፍ አላደርገውም። እዚያ ያለው አንባቢ በ«ስላሴ» የተጻፈ አርእስት ሲያይ ጽሑፉንም ይጠራጠራል።

ስም ላይ ጠንቀቅ ማለት ይገባል። ሐዲስ ዓለማየሁ፣ ሀዲስ አለማየሁ፤ ዐፄ፣ አፄ፣ አጼ፤ ሐሰን፣ ሀሰን፤ ዒድ፣ ኢድ፤ ሁሉም ይፈለጋሉ፣ ሁሉም ታግ ውስጥ መግባት ይችላሉ። በሚታየው ጽሑፍ ላይ ግን ሰውየው ስሙን እንደሚጽፈው መጻፍ ነው። «ኃይለ ሥላሴ»ን የመሰለ ስም ሲሆን ደግሞ ፊደሉ ብቻ ሳይሆን መጣበቁም ይቆጠራል፤ «ሀይለስላሴ» አንድ ቃል ነው፣ «ኃይለ ሥላሴ» ሁለት። ጎንደርን ጐንደር የሚሉትም አሉ፤ ያው በዚሁ መንገድ ይታያል።

የራሱ ሱቅ ወይም የራሱ ድረ ገጽ ያለው ሰው ከዚህ ሁሉ ድካም መዳን ይችላል። ፕሮግራመሩን አንድ ነገር ይጠይቀው፦ ከእያንዳንዱ ዕቃ ስም ጎን ለማንም የማይታይ የፍለጋ ቅጂ ይቀመጥ፤ በዚያ ቅጂ ሐና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ከነዘራቸው ይለወጡ፤ ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ ይግቡ። ገዢው የጻፈውም ቃል ከመፈለጉ በፊት በዚሁ ወንፊት ይለፍ። «የሐበሻ ቀሚስ» ያለውም «የሃበሻ ቀሚስ» ያለውም አንድ ቦታ ይገናኛሉ። «አበሻ» ግን በድምፅም ስለሚለይ ወንፊቱ አይይዘውም፤ ለብቻው በታግ ይገባል። የማይደረገው የሚታየውን ጽሑፍ መለወጥ ነው፤ ደንበኛው በንጉሡ ሠ ያስጻፈው የድርጅት ስም ተለውጦ ቢያይ ይቆጣል፣ ትክክልም ነው።

ወንፊቱ ለትግርኛ አይሠራም። በትግርኛ ሀና ሐ፣ አና ዐ በድምፅ የሚለዩ ፊደላት ስለሆኑ አንድ ማድረጉ የተለያዩ ቃላትን ያጋጫል። እዚያ በዋናነት የሚያስፈልገው የጸና የፀ ነገር ነው፤ ኤርትራ ውስጥ በጸ፣ ትግራይ ውስጥ በፀ መጻፍ የተለመደ ነውና። ሁለቱንም ቋንቋ የሚሸጥ የመጻሕፍት መደብር ወንፊቱን ለየቋንቋው ለይቶ ማቆም አለበት።

አንድ ፈላጊ ይቀራል፦ ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ያደገ፣ አማርኛ የሚሰማ ግን ፊደሉን የማይጽፍ ልጅ። እሱ shimbra asa ወይም shembra asa ብሎ ይጽፋል፤ ጾምንም tsom ወይም som ይላል። ከ500ው ሆሄ ገና ብዙ ተርፏልና እነዚህ አራቱ ከአማርኛዎቹ ታጎች ኋላ ይግቡ።