ከተማ የሚባለው የቱ ነው?

የአንድ አገር የከተሜነት መጠን ስሌቱ ቀላል ነው፦ የከተማ ነዋሪው ቁጥር ለጠቅላላው ሕዝብ ተካፍሎ በመቶ ይባዛል። ክርክሩ ያለው ማን የከተማ ነዋሪ ይባል በሚለው ላይ ነው።

በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ ሕዝብና ቤት ቆጠራ ከተሜውን 16 በመቶ ያህል አድርጎታል። መነሻው 2,000 ነዋሪ ቢሆንም፣ የወረዳ፣ የዞንና የክልል መቀመጫዎች ግን የነዋሪያቸው ብዛት ሳይታይ ከተማ ተብለው ተቆጥረዋል። ስለዚህ 1,500 ሰው ያላት የወረዳ መቀመጫ ከተማ ናት።

ይህችው ስፍራ ሕንድ ውስጥ ብትሆንና ማዘጋጃ ቤት ባይኖራት ገጠር ትባል ነበር። የሕንድ ቆጠራ እንዲህ ያለውን ስፍራ ከተማ የሚለው ቢያንስ 5,000 ነዋሪና በካሬ ኪሎ ሜትር 400 ሰው ሲኖረው፣ ከሠራተኛ ወንዶቹም 75 በመቶው ከእርሻ ውጭ ሲተዳደሩ ነው። የገጠሩ ሰው ራሱ ተጠጋግቶ በሚኖርበት አገር የሰው ብዛት ብቻውን አይለይም፤ ሥራውም መታየት አለበት። ለዴንማርክ ግን ተቀራርበው የሚኖሩ 200 ሰዎች ይበቃሉ።

እነዚህን መቶኛዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር በእውነት ያሳስታል። የተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ኮሚሽን በ2020 እ.ኤ.አ. የተቀበለው የማነጻጸሪያ ዘዴ መሬቱን በ1 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸነሽናል፤ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 1,500 ሰው የያዙ ተያያዥ ሽንሽኖች በድምሩ 50,000 ነዋሪ ሲኖራቸው ትልቅ ከተማ ይላቸዋል። የአገሮችን የራሳቸውን ትርጉም ግን አይሽርም።