ከረጢቱን ገልብጠው ያንብቡ

በአሜሪካ የውሻና የድመት ምግብ ከረጢት ፊት ላይ «ዶሮ» ተብሎ በትልቁ ሲጻፍ፣ ቃሉ ብቻውን ነው ወይስ ተቀጽላ አለው የሚለው ብዙ ይለያል። «ዶሮ ያለበት» ለመባል 3 በመቶ ዶሮ ይበቃል። «የዶሮ ራት» ከተባለ ቢያንስ 25 በመቶ መሆን አለበት። «የዶሮ ጣዕም» ከሆነ ደግሞ ጣዕሙ መታወቁ እንጂ የሥጋው መጠን አይጠየቅም።

ዋናው ነገር ግን ጀርባው ላይ ነው። የተቀላቀሉት ነገሮች የሚደረደሩት ከመብሰላቸው በፊት በነበራቸው ክብደት፣ ከብዙው ወደ ጥቂቱ ነው። ጥሬ ዶሮ ወደ 70 በመቶ የሚጠጋው ውኃ ስለሆነ ዝርዝሩን መምራት አይከብደውም።

ለአብነት 100 ኪሎ ደረቅ የድመት ምግብ ሲዘጋጅ 25 ኪሎ ጥሬ ዶሮ፣ 20 ኪሎ በቆሎ፣ 15 ኪሎ የበቆሎ ግሉተን፣ የቀረው ደግሞ ሌላ ሌላ ነገር ገባ እንበል። ዶሮ አንደኛ ሆኖ ይጻፋል። ውኃው ሲተን ግን የሚተርፈው 7.5 ኪሎ ያህል ነው። ለሁለት ተከፍሎ የተጻፈው በቆሎ ተደምሮ ገና ከመጀመሪያው 35 ኪሎ ነበር። ፕሮቲኑንም እንይ፦ ከዶሮው 4.5 ኪሎ ገደማ ሲገኝ፣ ከበቆሎውና ከግሉተኑ ከ10 ኪሎ በላይ ይገኛል። ከረጢቱ ላይ ያለው የፕሮቲን መቶኛ እነዚህን ሁሉ በአንድ ላይ ስለሚቆጥር፣ ከየት እንደመጣ አይናገርም። ስለዚህ አንድ እህል በተለያየ ስም ተከፋፍሎ ሲመጣ ደምረው ያንብቡት። «የዶሮ ዱቄት» የሚል ካዩ ግን አይናቁት፤ ውኃው አስቀድሞ የወጣለት ስለሆነ ከጥሬው ዶሮ በኪሎ የበለጠ ፕሮቲን ይይዛል።

በቆሎና ሩዝ መርዝ አይደሉም። ውሻ የበሰለ ስታርች በደንብ ይፈጫል፤ «እህል የለበትም» የሚለው ምግብም ብዙ ጊዜ እህሉን በአተርና በምስር ይተካል እንጂ ሥጋ አይጨምርም። ድመት ግን ሥጋ በል ናት። ለልቧና ለዓይኗ የግድ የሚያስፈልጋት ታውሪን ከሥጋና ከዓሣ እንጂ ከእህል አይገኝም። ፕሮቲኑ ከእህል የበዛበት የድመት ምግብ ከሆነ ታውሪን ተጨምሮበት እንደሆነ ዝርዝሩ ውስጥ ይፈልጉ።

ከሥጋው ቀጥሎ የሚታየው ምግቡ «የተሟላና የተመጣጠነ» መሆኑን፣ ለየትኛው ዕድሜም እንደሆነ የሚገልጸው አጭር ዓረፍተ ነገር ነው። የቡችላና የአዋቂ ፍላጎት ይለያያል። «ለተጨማሪነት ብቻ» የሚል ከሆነ ለዕለት ምግብነት አልተዘጋጀም። ይህ ዓረፍተ ነገር የሌለበትን ከረጢት፣ ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለዕለት ቀለብ አይግዙት።