ሚስማር አልባው ሳጥን እና ሁለቱ ልኬቶቹ

በሌዘር የሚቆረጥ ሳጥን ከማሽኑ ሲወጣ ገና ሳጥን አይደለም። ጠርዛቸው ጥርስ ያወጣ ጠፍጣፋ ቁራጮች ናቸው። የአንዱ ጥርስ በሌላው ክፍተት ሲገባ ቁራጮቹ ተያይዘው ይቆማሉ፤ ሚስማርም ብሎንም አያስፈልግም። ሥራው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በሁለት መንገድ ነው፦ ወይ የጥርሱ ጫፍ ከግድግዳው ወጣ ወይም ገባ ይላል፣ ወይ መጋጠሚያው ይላላል ወይም አልገባም ይላል። ሁለቱ ችግሮች ምንጫቸው የተለያየ ነው። የመጀመሪያው ከጣውላው ውፍረት፣ ሁለተኛው ጨረሩ ሲቆርጥ ከሚበላው እንጨት ይመጣል።

100 ሚሊሜትር ርዝመት፣ 80 ወርድ፣ 60 ቁመት ያለው ክዳን የሌለው ሳጥን እንንደፍ። ፊትና ኋላው አንድ ዓይነት፣ ግራና ቀኙም እንዲሁ ስለሆኑ የሚሳሉት ሦስት ቅርጾች ብቻ ናቸው፦ ፊት፣ ጎንና ወለል። እያንዳንዱን የሚጋጠም ጠርዝ በ5 እኩል እንከፍላለን። ቁጥሩ ጎዶሎ የሆነው የጠርዙ ሁለት ጫፎች አንድ ዓይነት እንዲሆኑ ነው። በ60ው ቁመት ላይ እያንዳንዱ ክፍል 12 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ፊቱ 1ኛውን፣ 3ኛውንና 5ኛውን በጥርስነት ሲይዝ፣ ጎኑ 2ኛውንና 4ኛውን ይይዛል። ከታች ሦስቱ ቁራጮች በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ግን ቦታውን መያዝ ያለበት አንዱ ብቻ ነው። እዚህ ለፊቱ ከሰጠነው፣ ጎኑም ወለሉም እዚያች ነጥብ ላይ ይጎደጎዳሉ።

አሁን ወደ ውፍረቱ። ሻጩ «3 ሚሊሜትር» ብሎ የሸጠውን ኮምፔንሳቶ በካሊፐር ብንለካው 2.9 ወይም 3.2 ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ሉህ ከሌላውም ይለያያል። ስለዚህ የሚቆረጠው ሉህ ራሱ በጥቂት ቦታዎች ይለካል። የእኛው 2.9 ነው እንበል። ጥርሱ የሚወጣው፣ ክፍተቱም የሚጎደጎደው በ2.9 ሚሊሜትር ይሆናል። በስሙ አምነን 3 ብንስል የጥርሱ ጫፍ ከጎረቤቱ ግድግዳ 0.1 ወጥቶ በጣት ይዳሰሳል። ሉሁ 3.2 ሆኖ 3 ብንስል ደግሞ ጫፉ 0.2 ወደ ውስጥ ይሰምጣል።

ሁለተኛው ልኬት በዓይን አይታይም። መጋዝ እንጨት እንደሚበላ ሁሉ ጨረሩም በመስመሩ ግራና ቀኝ እኩል ይበላል። የሚበላው እንደ ሌንሱ፣ እንደ ትኩረቱ፣ እንደ ፍጥነቱና እንደ ቁሱ ይለያያል፤ በቀጭን ኮምፔንሳቶ ላይ ብዙ ጊዜ ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊሜትር ነው። ትክክለኛውን ለማወቅ 100 ሚሊሜትር የሚረዝም አራት ማዕዘን በ10 እኩል ተከፍሎ ይቆረጣል፤ ጎረቤታሞቹ ቁራጮች አንድ መስመር ይጋራሉ። ከዚያ 10ሩ ተጠጋግተው አንድ ላይ ይለካሉ። ድምሩ 98.4 ከሆነ 1.6 ጠፍቷል፤ ለ10 ሲካፈል ጨረሩ በየቁራጩ 0.16 በልቷል ማለት ነው።

በዚህ ሂሳብ 12 ተብሎ የተሳለ ጥርስ ሲቆረጥ 11.84 ይሆናል፤ 12 ተብሎ የተሳለው ክፍተት ደግሞ 12.16። ልዩነቱ 0.32 ነው፤ ሳጥኑን የሚያወዛውዘው ይኸው ነው። መፍትሔው የቁራጩን ዙሪያ መስመር በሙሉ የዚያን ግማሽ፣ ማለትም 0.08፣ ወደ ውጭ መግፋት ነው። ጥርሱ በሥዕሉ ላይ 12.16፣ ክፍተቱ 11.84 ይሆንና ሲቆረጡ ሁለቱም 12 ላይ ያርፋሉ። የጥርሱ ጫፍና የክፍተቱ ወለል እኩል ወደ ውጭ ስለሚሄዱ 2.9 የነበረው ጥልቀት አይነካም። አንዱን ልኬት ማስተካከል ሌላውን አያበላሽም።

ይህን ፕሮግራም ሊሠራልን ይችላል። Boxes.py የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ውፍረቱን በ`thickness`፣ ጨረሩ የሚበላውን በ`burn` ይጠይቃል። `burn` ላይ የሚጻፈው ግን ግማሹ፣ 0.08 ነው፤ 0.16 ከተጻፈ ጥርሱ አይገባም። ሥዕሉ ላይ የተስተካከለውን ማሽኑን በሚያዝዘው ፕሮግራም ላይ መድገምም ውጤቱ ያው ነው።

ሙሉው ሉህ ከመቆረጡ በፊት አንድ ማዕዘን ብቻ ቆርጦ ማጋጠም ይበጃል። ከላላ የገፋነውን በ0.01 ወይም በ0.02 መጨመር፣ ከጠበቀ መቀነስ ነው። ኮምፔንሳቶ ትንሽ ስለሚታመቅ ያለ ኮላ እንዲይዝ ጠበቅ ማድረግ ይቻላል። አክሪሊክ ግን አይታመቅም፤ ተገፍቶ ከገባ ከክፍተቱ ጥግ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ለአክሪሊክ መጋጠሚያውን ላላ አድርጎ መያዙን ለማጣበቂያው መተው ይሻላል።