የእናቱን ቃል የወረሰ ልጅ

ስለ ቤተ እስራኤል ስደት በእስራኤል ከተዘፈኑት ሁሉ በስፋት ከሚታወቁት አንዱ «ጉዞ ወደ እስራኤል ምድር» ነው። ግጥሙ የሀይም ኢዲሲስ፣ ዜማው የሽሎሞ ግሮኒች ነው። ግሮኒች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያ ልጆች ከሚዘምሩበት የሳባ መዘምራን ጋር ተጫውቶታል። ቋንቋው ዕብራይስጥ ቢሆንም መንገዱ ግን ከጎንደርና ከትግራይ ተነስቶ በእግር ወደ ሱዳን የሚወርደው ነው።

የሚተርከው አንድ ልጅ ነው። ሲጀምር ጨረቃ ከላይ ወጥታለች፤ በጀርባው ትንሽ ስንቅ አዝሏል፤ ፊቱ በረሃ ነው። ጨረቃዋ ለማሳመር የገባች አይደለችም። ስደተኞቹ ወታደርና ሽፍታ ፈርተው ቀን ተደብቀው ሌሊት ይጓዙ ነበርና መብራታቸው እሷው ናት። አዝማቹ ላይ እናት ትናንሾቹን ልጆች ታባብላለች፤ መንገዱ ሊያልቅ ጥቂት እንደቀረው ትነግራቸዋለች። በሁለተኛው ክፍል ስንቁ ጠፍቷል፣ የቀበሮ ጩኸት ይሰማል፣ እናትየው ግን ማባበሏን አላቆመችም።

ከዚያ ሽፍቶች በስለት ይመጣሉ። የእናት ደም አሸዋው ላይ ይፈሳል። ኢዲሲስ እዚህ ላይ ሙሾ አያወርድም፤ ጥቂት ቃል ተናግሮ ያልፋል። አዝማቹም እንደገና ይመጣል፤ ታናናሾቹን የሚያባብለው ግን አሁን ልጁ ራሱ ነው። የዘፈኑ መታጠፊያ ይህ ነው። አዝማቹ ቀድሞ ሁለት ጊዜ ከእናት አፍ ባይሰማ ኖሮ ሦስተኛው እንዲህ አይመታም ነበር። ልጁ በአንድ ሌሊት ወላጅ መሆኑን ማንም አይነግረንም፤ ተናጋሪው ሲለወጥ እኛው እንረዳዋለን።

እውነተኛው ጉዞ ከዚህ የሰፋ ነበር። በመንገድና በሱዳን ወደ 4,000 ሰው እንዳለቀ ይነገራል። ብዙዎቹን የፈጀው ስለት ሳይሆን በሽታና ረሃብ ነው፤ በተለይም እንደ ኡም ራኩባ ባሉ መጠለያዎች። ዘፈኑ መጠለያውንም አያነሳም፤ ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 እ.ኤ.አ. ወደ 8,000 ሰዎች የወሰደውን የአውሮፕላን ጉዞም ዘሎታል። ታሪክ አጉድሏል ብሎ የሚከራከር ቢኖር አልፈርድበትም። ሁሉንም ቢጨምር ግን ያ ልጅ ከሕዝቡ መሃል ይጠፋብን ነበር።

መጨረሻው መድረስ አይደለም፤ ደራሲው ከሁሉም የደፈረው እዚህ ነው። ልጁ ጨረቃ ላይ የእናቱን መልክ ያያል፤ እንዳትሰወርም ይለምናታል። አብራው ብትሆን ኖሮ አይሁዳዊ መሆኑን ታስረዳለት ነበር። በረሃውን የተሻገረ ልጅ ምስክር ያጣው የደረሰበት አገር ውስጥ ነው። ይህ የገጣሚው ፈጠራ ብቻ አልነበረም፦ ዋናው የረቢዎች ጽሕፈት ቤት ቤተ እስራኤል በውሃ ተነክረው አይሁድነታቸውን እንዲያጸኑ በመጠየቁ፣ በ1985 እ.ኤ.አ. ስደተኞቹ ኢየሩሳሌም ውስጥ ከጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊት ለሳምንታት ተቀምጠው ተቃውመዋል።