12,000 ጊዜ ታየ፣ ሦስት ተሸጠ

ሚዛን ተፈሪ ላይ ጅልባብና ሒጃብ የምትሸጥ ጎረቤት አለችን። ለዒድ ያስመጣችው ዕቃ እንዳያድርባት ሰግታ በረመዳን ሁለተኛ ሳምንት ፌስቡክ ላይ ማስታወቂያ አወጣች። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ካርድ ስለሆነ ከአዲስ አበባ የመጣው የእህቷ ልጅ ከፈለላት፤ እሷም 1,500 ብር ሰጠችው።

ማስታወቂያው እንዳለቀ፣ ከተራዊሕ በኋላ ሱቋ ደጃፍ ቡና ላይ ሳለን ልጁ የቁጥሩን ሰሌዳ ከፈተላት። `Impressions` ሥር 12,000 ይላል።

«12 ሺህ ሰው አየልኝ!» ስትል ሁላችንም ማሻአላህ አልን።

«አይደለም አክስቴ፤ ይሄ ስንት ጊዜ ስልክ ላይ እንደወጣ ነው። ሰዎቹ `Reach` ሥር ያሉት 4,000ዎቹ ናቸው። አንዱ ሰው በአማካይ ሦስት ጊዜ አይቶታል ማለት ነው፤ `Frequency` የሚለውም እሱን ነው።»

`Results` ደግሞ 20 ይላል፤ መልእክት የላኩላት ሰዎች ናቸው። ለአንዱ መልእክት 75 ብር ወጥቷል። ርካሽ መሰለን። እሷ ግን የዱቤ ደብተሯን አወጣች። ሰሌዳው ሱቅ ውስጥ የተከፈለውን ገንዘብ አያይም፤ ደብተሩ ያያል። ከ20ዎቹ የገዙት ሦስት ብቻ ናቸው። ለአንድ ገዢ 500 ብር ወጥቶ፣ ከአንድ ጅልባብ የምታተርፈው 400 ነው።

«እንግዲያው በእያንዳንዱ መቶ ብር ከስሬያለሁ» አለች።

መልእክቶቹን እንደገና አነበበቻቸው። 15ቱ ከአዲስ አበባና ከአዳማ ናቸው፤ ሱቁ ሚዛን መሆኑን ሲሰሙ ጠፍተዋል። ለካ ማስታወቂያው ሲወጣ በቦታ ምርጫው ላይ ኢትዮጵያ በሙሉ ነበር የተመረጠው። የገዙት ሁለቱ የሚዛን፣ አንዷ የቴፒ ሰዎች ናቸው። ልጁ ቦታውን ወደ ሚዛን፣ ቴፒና በበቃ አካባቢ አጠበበው።

በሁለተኛው ዙር፣ በዚያው 1,500 ብር፣ `Reach` ወደ 1,800 ወረደ። መልእክቱም 12 ብቻ ሆነ፤ የአንዱ ዋጋ 125 ብር ገባ። ከመካከላችን «ተወደደ፣ ይቅርብሽ» ያላትም ነበር። ደብተሩ ሲታይ ግን ስድስት ሰው ገዝቷል፤ ለአንድ ገዢ 250 ብር ወጥቶ በእያንዳንዱ 150 ተርፏታል።

ያደናገራት የሰዓቱ ነገር ነበር። ሰሌዳው መልእክት የሚበዛው ከ`19:00` እስከ `22:00` ነው ይላል። «ከቀኑ በሰባት ሰዓት? ያኔማ ገበያው ጭር ብሎ ነው የሚውለው» አለች። ልጁ 18 ቀንሺ አላት፤ ከምሽቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ሆነ፣ ሰው ካፈጠረ በኋላ። እሷ ደግሞ መልስ የምትሰጠው ጠዋት ሱቅ ስትከፍት ነበር።

አሁን ከመግሪብ በኋላ ስልኩ ከሳምቡሳው ሳሕን አጠገብ ነው። ትናንት ሾርባዋን ሳትጨርስ የቴፒ ሴት ጽፋላት፣ ሁለት ጥቁር ጅልባብ በጠዋቱ መኪና ላከችላት።